በቬትናም ሰርግ ላይ ማይክ ለሚሰጠው የሙሽራው ጓደኛ

በደቡቧ የቬትናም ከተማ ሳይጎን ስኖር ብዙ ሰርግ በልቻለሁ። የሙሽራው ጓደኛ የውጭ አገር ሰው ከሆነና ትንሽ ቬትናምኛ ከሞካከረ ማይኩ አያልፈውም። ጉዱ የሚጀምረው ያኔ ነው። አሁን አሁን የሚያውቁኝ ሁሉ ንግግራቸውን «እስኪ እየው» እያሉ ይልኩልኛል። እኔም ያንኑ ስህተት ደግሜ ደጋግሜ አርማለሁ።

ስህተቱ «እኔ» እና «አንተ» ነው። ቬትናምኛ የሚነጋገሩት በዝምድና ስም ነው። ለሚበልጥህ ታናሽ ወንድም ትሆናለህ፣ ለሚያንስህ ታላቅ፣ ለጓደኛህ እናት ደግሞ ልጅ። «ቶይ» የሚባል «እኔ» አለ፤ ግን ለጓደኛ እናት ሲሉት ይቀዘቅዛል። የቅርብ ጓደኛሞች ብቻቸውን ሲሆኑ አንተን «ማይ»፣ እኔን «ታው» ይላሉ። የኛ «አንተ» ከዚህ አንጻር ጨዋ ነው። «ማይ ታው» በጓደኛሞች መካከል ፍቅር ነው፣ ከዚያ ውጪ ስድብ።

ችግሩ የኛ ቢጤዎች ቋንቋውን የምንማረው የት ነው? መንገድ ዳር፣ ፕላስቲክ በርጩማ ላይ፣ ቢራ በበረዶ እየጠጣን። ስለዚህ የምናውቀው «ማይ ታው» ብቻ ነው። የመጀመሪያ ንግግሬን የጀመርኩት ወደ ሙሽራው ዞሬ «ማይ» ብዬ ነው። ወጣቶቹ በሳቅ ፈነዱ። የሙሽራዋ አያት ግን ቾፕስቲካቸውን ሳህኑ ላይ አስቀመጡ፤ እስክጨርስም አላነሱትም። በነጋታው ጓደኛዬ «ምንም አይደለም» አለኝ፤ አባባሉ ግን ምንም እንደሆነ ይናገር ነበር።

መላው ቀላል ነው። መጀመሪያ «ኪኝ ቱዋ ሃይ ሆ» በል፤ «የተከበራችሁ ሁለቱ ቤተሰቦች» ማለት ነው። ሁለቱንም። የሙሽራውን ወገን ብቻ ሰላም ብሎ የቀጠለ ሰው የሙሽራዋን ዘመዶች አኩርፈው እንዲበሉ ያደርጋቸዋል። ቀጥሎ ራስህን «ኮን» በል፣ ልጅ። ሰሜን፣ ሃኖይ አካባቢ ከሆንክ «ቻው» ይሻላል። የጓደኛህን ወላጆች «ሃይ ባክ» ብለህ ጥራ፣ ሁለቱ አጎትና አክስት እንደማለት። ሙሽራውን በስሙ ጥራው፣ ሙሽራዋን ደግሞ «ኮ የው»፣ ሙሽሪት። «የው» ስትል ድምፅህን ግን እንዳትጥለው፤ ወደ ታች ከወረደ ያው ቃል ትርጉሙ ዘይት ይሆናል።

ቀልድ ላይ ስለ ድሮ ፍቅረኛ አይነሳም። ይህን ማስረዳት አያሻም።

«ደወል ሳይደወል ሩዝ መብላት» የሚባል አባባል አላቸው፤ ከሰርግ በፊት አብሮ ማደር ማለት ነው። ቢራ ቤት ያስቃል። አንድ የማውቀው ልጅ ሳያሳየኝ ንግግሩ ውስጥ ከተተው፤ ከዚያም አስከትሎ «ሶም ሲኝ ኩዊ ቱ» አለ፣ «ቶሎ ልጅ ውለዱ» የሚለውን ምርቃት። ምርቃቱ ብቻውን የተለመደና የተወደደ ነው። ሁለቱ ሲገናኙ ግን አዳራሹ ሙሉ የሙሽራዋን ሆድ አየ። ልጅቷ አላረገዘችም ነበር። አባቷ ማኘካቸውን አቆሙ።

አደጋ የሌለው ቀልድ ሚስቱን የሚፈራ ባል ነው። «ኛት ቮ ኚ ቾይ» ይላሉ፤ አንደኛ ሚስት፣ ሁለተኛ ሰማይ። ወጣቶቹ ደግሞ ሚስትን «የቤቱ ጣሪያ» ይሏታል። ባለፈው ለአንዱ እንዲህ ብዬ ጻፍኩለት፦ «ይሄ ጓደኛችን አምስት ዓመት የኖረው በፈጣን ኑድል ነው፣ ያውም ዝናብ እየመታው። ዛሬ ጣሪያ አገኘ። ከዛሬ ጀምሮ ሲያመሽ ጣሪያው ይወድቅበታል።» ሙሽራዋ ከሁሉም በላይ ሳቀች። አክስቶቹም ሳቁ፤ ቀልዱ የነሱንም ባሎች ስለሚነካ መሰለኝ።

ከሳቁ በኋላ ምርቃት። አራት አምስት አትደርድር፣ ሁለት ይበቃል። «ቻም ናም ሃኝ ፉክ»፣ መቶ ዓመት ደስታ፣ ሁሉም ቤት የሚጠበቅ ነው። እኔ የምወደው ሁለተኛው ነው፦ ባልና ሚስት ከተስማሙ የምሥራቅ ባሕርንም ቀድተው ያደርቁታል። ይህን ስትል ሽማግሌዎቹ መጨረሻውን አብረውህ ይሉታል። እዚያ ላይ አቁም። ሦስት ደቂቃ ካለፈ ሰዉ ወደ ምግቡ ይመለሳል፤ ማይኩን የያዝከው ለራስህ ይሆናል።

ብርጭቆ ስታጋጭ የአንተ ጠርዝ ከትልቁ ሰው ዝቅ ይበል፤ በሁለት እጅ ብትይዘው ደግሞ ይወዱሃል። ቀጥሎ «ሞት፣ ሃይ፣ ባ፣ ዮ!» ብለህ ቁጠር፤ አዳራሹ ይመልስልሃል። ሰሜን ላይ «ዮ» ሳይሆን «ዞ» ነው።

አንድ ነገር ብቻ አትበል፦ «ቻም ፋን ቻም»። መቶ በመቶ፣ ማለትም ብርጭቆውን ጨልጠው። አንዴ ከአፍህ ከወጣ የሰው ሁሉ ዕዳ አለብህ። ጠረጴዛው አሥር ሰው ይይዛል፣ ሙሽሮቹም ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ሲዞሩ አንተን ይጎትቱሃል። እኔ አራተኛው ጠረጴዛ ላይ ነው የቀረሁት።