ለባለሀብቶች ግንኙነት ክፍል የተላከ ኢሜይል መልስ ሲያጣ፦ ችግርና መፍትሔ

ችግር፦ በአክሲዮን ገበያ ለተመዘገበ ኩባንያ «የባለቤትነት መዋቅራችሁንና የተመሠረታችሁበትን ዓመት አረጋግጡልኝ» ብለው ጻፉ። ከብዙ ቀን በኋላ የመጣው መልስ «ዓመታዊ ሪፖርታችንን ይመልከቱ» የሚል አንድ መስመር ብቻ ነው።

ምክንያት፦ ስንፍና አይመስለኝም። ለሕዝብ ያልወጣ ቁም ነገር ለአንድ ሰው ለይቶ መንገር ለእነዚህ ሠራተኞች አደገኛ ነው፤ በአሜሪካ ከ2000 ጀምሮ ይህን የሚከለክል ደንብ አለ። ጥያቄው ልቅ ሲሆን ደግሞ የት ድረስ እንደሚያስኬድ ስለማያውቁ ሰነድ ጠቁመው ይገላገላሉ።

መፍትሔ፦ መልሱን አስቀድመው ከሰነዱ ያውጡና «ልክ ነኝ?» ብለው ይጠይቁ። በታተመ ነገር ላይ «አዎ» ማለት ማንንም አያስፈራም።

ችግር፦ መልሱ መጣ፤ ዓመቱ ግን እርስዎ ካገኙት ጋር አይገጥምም።

ምክንያት፦ «መመሥረት» የሚለው ቃል ብዙ ነገር ይሸከማል። አልፋቤትን እንውሰድ። ጉግል በ1998 በካሊፎርኒያ በኩባንያነት ተመዘገበ፤ በ2003 ምዝገባው ወደ ደላዌር ተዛወረ፤ አልፋቤት ደግሞ በ2015 እናት ኩባንያ ሆኖ ከላዩ ተቀመጠ። አንዱ ሠራተኛ 1998፣ ሌላው 2015 ቢሉዎት ሁለቱም አልዋሹም። (ዓመታቱ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው፤ በኢሜይሉም ላይ አቆጣጠሩን አያምታቱ።)

መፍትሔ፦ ሥራ የተጀመረበትን ዓመትና ዛሬ አክሲዮኑ የሚሸጠው ድርጅት በሕግ የተመዘገበበትን ዓመት ለይተው ይጠይቁ።

ችግር፦ ስለ ባለቤትነት የተሰጠው መልስ የተድበሰበሰ ነው።

ምክንያት፦ ኩባንያው ራሱ ሁሉንም ባለአክሲዮን ላያውቅ ይችላል። በአሜሪካ አብዛኛው አክሲዮን በመዝገብ ላይ የሚታየው አክሲዮኖችን በአንድነት በሚያስቀምጠው ማዕከላዊ ተቋም ወኪል ስም ነው፤ እውነተኛዎቹ ባለቤቶች ከአክሲዮን ደላሎች ሒሳብ ጀርባ ናቸው። በዚያ ላይ የአክሲዮን ድርሻና የድምፅ መብት አንድ አይደሉም። የአልፋቤት «ሀ» አክሲዮን አንድ ድምፅ፣ «ለ» አሥር ድምፅ አለው፤ «ሐ» ጭራሽ የለውም። «ከፍተኛው ባለድርሻ ማን ነው?» የሚል ጥያቄ የትኛውን እንደሚሻ አይናገርም።

መፍትሔ፦ ለጠቅላላ ጉባኤ ከሚላከው መግለጫ ውስጥ ከ5 በመቶ በላይ የያዙትን የሚዘረዝረውን ሰንጠረዥ ይፈልጉ፤ ቀኑንም ጽፈው ይላኩ። እንዲህ፦

«በዚህ ዓመት የጉባኤ መግለጫችሁ ገጽ … ላይ እንደተመለከተው ከ5 በመቶ በላይ ድርሻ ያላቸው እነዚህ ናቸው፦ … ። ሰንጠረዡ እስከ … ቀን ያለውን ያሳያል። ከዚያ ወዲህ በይፋ የተገለጸ ለውጥ አለ? በድምፅ መብት ሲታይ ቅደም ተከተሉ ይለወጣል? ኩባንያው ሥራ የጀመረው በ…፣ በሕግ የተመዘገበው በ… መሆኑስ ልክ ነው?»

ይህም መልስ ካጣ፣ የተመዘገበበትን ቀን ከኩባንያዎች መዝጋቢ መሥሪያ ቤት ያውጡ፤ ለዚያኛው ግማሽ ኢሜይሉ አያስፈልግዎትም።