«ስትል ገልጸዋል»፦ በአንቱታ ስንጽፍ የምንስታቸው ነገሮች

አማርኛ ስለ አንዲት ሴት ሲናገር ሁለት መንገድ አለው። «መጣች» ሲል ጾታዋን ይነግረናል፤ «መጡ» ሲል አክብሮቱን። ሁለቱን ባንድ ግስ ላይ መጫን አይቻልም፤ አንቱታ ከገባ ጾታ ከግሱ ይወጣል። «አቶ ከበደ መጡ» እና «ወይዘሮ አስቴር መጡ» ላይ ግሱ አንድ የሆነው ለዚህ ነው። «ወይዘሮ አስቴር መጣች» የሚለው ጆሮ የሚቆረቁረው ሴት መሆናቸው ስለተነገረ ሳይሆን፣ «ወይዘሮ» ብሎ ወንበር አቅርቦ «መጣች» ብሎ እንደ ማስነሳት ስለሆነ ነው።

ይህንን ቀላሉን ስህተት ብዙ ሰው አይሠራውም። የሚያስቸግሩት ከሥሩ ያሉት ናቸው።

መጨረሻውን ግስ አክብሮ መካከሉን መርሳት

ከሁሉም የበዛው ይህ ነው። እስቲ ይህን አንቀጽ ተመልከቱ፦

«እቴጌ ጣይቱ ብጡል በ1888 ዓ.ም. ከባለቤቷ ከዐፄ ምኒልክ ጋር ወደ ሰሜን ዘመቱ። መቀሌ ላይ የመሸገው የጣሊያን ጦር ሲያስቸግር፣ ወታደሮቿን ልካ የውኃውን ምንጭ አስያዙ። ጦሩንም በጥም አስጨንቃ ምሽጉን እንዲለቅ አደረጉት።»

ዓረፍተ ነገሮቹ የሚዘጉባቸው ግሶች፣ «ዘመቱ»፣ «አስያዙ»፣ «አደረጉት»፣ ሁሉም ልክ ናቸው። ጸሐፊው አንቱ ማለት እንዳለበት ያውቃል። ያመለጡት ትንንሾቹ ናቸው፦ «ባለቤቷ» «ባለቤታቸው» መሆን ነበረበት፤ «ወታደሮቿን» «ወታደሮቻቸውን»፤ «ልካ» «ልከው»፤ «አስጨንቃ» ደግሞ «አስጨንቀው»። ትኩረታችን ሁልጊዜ ዓረፍተ ነገሩ በሚያርፍበት ግስ ላይ ስለሆነ፣ መንገድ ላይ ያሉት ቦዝ አንቀጾችና የባለቤትነት ቅጥያዎች ሳናያቸው ያልፋሉ።

«አደረጉት» መጨረሻ ላይ ያለችውን «ት» ግን እንዳትነኳት። እሷ የምታመለክተው ጦሩን እንጂ እቴጌይቱን አይደለም። ሲያርሙ እጃቸው የፈጠነ ሰዎች «አደረጓቸው» ብለው የጣሊያንን ጦር አንቱ ሲሉ ይገኛሉ።

በዜና አጻጻፍ የዚህ ስህተት ዋና መሸሸጊያ «ስትል» ነው። «ሥራው በተያዘለት ጊዜ ይጠናቀቃል ስትል ገልጸዋል» የሚል ዓረፍተ ነገር በየዕለቱ ይጻፋል። «ሲሉ ገልጸዋል» ነው። «የተናገረችው ሚኒስትር» «የተናገሩት ሚኒስትር»፣ «ያቺ እናት» «እኒያ እናት»፣ «ራሷን» «ራሳቸውን» ይሆናሉ። ጽሑፉን ከጨረሳችሁ በኋላ ከታች ወደ ላይ እያነበባችሁ በ«ዋ»፣ በ«ቷ»፣ በ«ሯ»፣ በ«ቿ» የሚያልቁትንና እንደ «ይዛ»፣ «ብላ»፣ «ሄዳ» ያሉትን ቃላት ብቻ ፈልጉ። ከላይ ወደ ታች ካነበባችሁ ታሪኩ ይወስዳችኋል።

ስሙን አብሮ ማብዛት ወይም ጾታውን መንጠቅ

ሳህለወርቅ ዘውዴ በጥቅምት 2011 ዓ.ም. ርዕሰ ብሔር ሲሆኑ «ፕሬዚዳንቷ ገለጹ» የሚለው አጻጻፍ በየቀኑ የሚነበብ ሆነ። «ቷ» አንስታይ ሆኖ ሳለ ግሱ እንዴት «ገለጹ» ይሆናል ብሎ የሚጠይቅ አለ። ይሆናል፤ ልክም ነው። አንቱታ የሚያርፈው በግሱ፣ በተውላጠ ስሙና በቅጥያዎቹ ላይ ነው፤ ስሙ ራሱ ጾታውን እንደያዘ ይቀራል። «ሽማግሌው መጡ» ስንል ማንም አይደነግጥም፤ «ዶክተሯ መጡ» ያው ነው። «የመጀመሪያዋ ሴት ፕሬዚዳንት ናቸው» የሚለውም እንዲሁ። እንግዲህ ግጭት ያለ መስሏችሁ «ገለጸች» ብላችሁ አታውርዱ።

ቅጽሉም አይበዛም። «ረጅም ናቸው» ስለ አንዲት የተከበሩ ሴት ሊሆን ይችላል፤ «ረጃጅም ናቸው» ካልን ግን ብዙ ሰዎች ናቸው።

ያልተከበረውን ነገር አንቱ ማለት

ይህኛው በተቃራኒው በኩል መውደቅ ነው። «እማማ እጃቸው ተሰበሩ» አይባልም። የተሰበረው እጅ ነውና «እጃቸው ተሰበረ» ነው፤ አክብሮቱ «እጃቸው» ላይ አልቋል። «ድምፃቸው ይሰማል»፣ «ቤታቸው ተሸጠ» ያው ነው። «ልጃቸው» ሲሆን ልጅቷ ማን እንደሆነች ማሰብ ነው፤ የአሥር ዓመት ልጅ ከሆነች እናትየው አንቱ ስለተባሉ ብቻ «ልጃቸው መጡ» አይባልላትም።

መታመምና መራብም እዚህ ውስጥ ይገባሉ። «አሟታል» የሚለው በአንቱታ «አሟቸዋል»፣ «ርቧታል» ደግሞ «ርቧቸዋል» ይሆናል። የታመሙት ሰው እዚህ ተሳቢ እንጂ የግሱ ባለቤት ስላልሆኑ የሚለወጠው ተሳቢውን የሚያመለክተው ቅጥያ ብቻ ነው። «ታመመች» ካልን ግን የግሱ ባለቤት ራሷ ናትና «ታመሙ» እንላለን። «አንድ ቤት አላቸው»፣ «ሦስት ልጆች አሏቸው» በሚሉት ውስጥም «አላ» ወደ «አሏ» የሚዞረው በሚቆጠረው ነገር ነው፤ አክብሮቱን የያዘው «ቸው» በሁለቱም ላይ አንድ ነው።

ግራ መጋባትን በ«እሷ» መፍታት

አንቱታ ዋጋ ያስከፍላል። «እሳቸው» ወንድ ይሁኑ ሴት አይነግረንም፤ ግሱም ከብዙ ቁጥር ጋር ይመሳሰላል። «ወይዘሮ አስቴር ዶክተሩን አነጋገሯቸው፤ እሳቸውም ነገ እንደሚመለሱ ነገሯቸው» ብንል የሚመለሱት ማን ናቸው? ብዙ ጸሐፊ እዚህ ጋ ሲደርስ ይጨንቀውና «እሷም ነገ እንደምትመለስ» ብሎ አንቱታውን ይጥላል። ነገሩን የማያውቅ ሰው ሲያነበው ወይዘሮዋ በድንገት የተናቁ ይመስላል።

ሁለት መውጫ አለ። አንዱ ስሙን መድገም ነው። ሁለተኛው ንግግሩን በቀጥታ ማስገባት ነው፦ «ዶክተሩም ‹ነገ ተመልሼ እመጣለሁ› አሏቸው።» አማርኛ ይህንን በጣም ይወዳል፤ «እመጣለሁ» የተናጋሪው ስለሆነ ጥርጥር አይተውም። እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ፤ ስም ሲደጋገም ጽሑፉ የፍርድ ቤት መዝገብ ይመስላል።

በማይገባበት ቦታ አንቱ ማለት

ጾታ የሚያሳየው ግስ ሁልጊዜ ንቀት አይደለም። «እናቴ መጣች» የሚል ሰው እናቱን አልደፈረም፤ በብዙ ቤት ልጅ እናቱን «አንቺ» ብሎ ነው የሚያድገው። በጸሎትም ድንግል ማርያም «አንቺ» ትባላለች። «ደራርቱ ቱሉ በ1984 ዓ.ም. በባርሴሎና አሸነፈች» ሲባልም ማንም አይቆጣም፤ «ኮሎኔል ደራርቱ» ብላችሁ በማዕረግ ከጀመራችሁ ግን «ተናገሩ» ብላችሁ ጨርሱ።

ስለ አንድ ሰው የሕይወት ታሪክ ስትጽፉ ደግሞ ከየት አንስቶ አንቱ እንደምትሉ አስቀድማችሁ ወስኑ። «ዘውዲቱ በ1868 ዓ.ም. ተወለደች፤ በ1909 ዓ.ም. ነገሡ» የሚለው ሲነበብ ሁለት ሴቶች ያሉ ይመስላል። ሕፃን አንቱ ማለት ለሚከብዳቸው ይገባኛል፤ ነገር ግን የምንጽፈው ስለ ንግሥቲቱ ነው፤ «ተወለዱ» ብሎ መጀመር ይሻላል።