ከቤተሰብ ገንዘብ ለመበደር የሚያሳምን አንቀጽ እንዴት ይጻፋል?

ለወላጆቼ መጀመሪያ የጻፍኩት የብድር ጥያቄ ልብስ ጥገናን፣ የልብስ ንግድንና ፎቶ ማንሳትን በአንድ ላይ የያዘ ነበር። አባቴ አንብበው ሲጨርሱ «ታዲያ የትኛውን ልትሠራ ነው?» አሉኝ፤ መልስ አልነበረኝም፣ ገንዘቡንም አላገኘሁም። ስለዚህ አስቀድመው አንዱን ሐሳብ ይምረጡ። ከሁሉ የሚሻለው፣ በትንሹም ቢሆን ጀምረውት ገንዘብ በማጣት ብቻ የቆመብዎት ሥራ ነው።

ቀጥሎ ማስረጃ ይሰብስቡ። እኔ ለስምንት ሳምንታት በደብተር የመዘገብኩት የሠራሁትን ሳይሆን፣ የጠርዝ መዘምዘሚያ ማሽን (ኦቨርሎክ) ስለሌለኝ ሳልቀበል የመለስኩትን ልብስ ነው። ቤተሰብን «ገበያው ጥሩ ነው» ከሚል ቃል ይልቅ ቀን የተጻፈበት እንዲህ ያለ ደብተር ያሳምናል።

ከባዱ ስለ ብድሩ አመላለስ የሚጻፈው ዓረፍተ ነገር ነው። በመጀመሪያው ጽሑፌ «ሥራው ሲጠና እመልሳለሁ» ብዬ ነበር፤ ይህ አበዳሪው መቼ መጠየቅ እንደሚችል አይነግረውም፣ በኋላም ለቅሬታ በር ይከፍታል። ስሌቱን ከደብተሩ ያውጡ። እኔ ሳልቀበል የመለስኩት 24 ልብስ፣ ማለትም በወር 12 ያህል ነበር። የማሽኑ ዋጋ ደግሞ ክርና መብራት ከተቀነሰ በኋላ 60 ልብስ ከሚያስገኘው ትርፍ ጋር እኩል ነው። ሁሉም ደንበኛ ተመልሶ ይመጣል ብዬ ስላልገመትኩ ግማሹን፣ በወር 6 ልብስ ብቻ ቆጠርኩ፤ 60 ለ6 ሲካፈል 10 ወር ይሆናል። ሙሉውን ቆጥሬ 5 ወር ብዬ ቢሆን ኖሮ፣ በመጀመሪያው ቀዝቃዛ ወር ቃሌ ይታጠፍ ነበር።

እንደገና የጻፍኩት አንቀጽ እንዲህ ሆነ፦

«አባዬና እማዬ፣ ለአንድ ኦቨርሎክ መግዣ ብቻ የሚሆን ገንዘብ እንድታበድሩኝ እጠይቃለሁ። ባለፉት 8 ሳምንታት ይህ ማሽን ስለሌለኝ 24 ልብስ መልሻለሁ፤ ደብተሩን ከዚህ ጋር አያይዣለሁ። ከእነዚህ ግማሹ እንኳ ቢመጣልኝ ብድሩን በ10 ወር እመልሳለሁ፤ ከገዛሁበት ቀጥሎ ካለው ወር ጀምሮ፣ በየወሩ መጨረሻ አንድ አሥረኛውን እከፍላለሁ። ሁለት ወር በተከታታይ መክፈል ካቃተኝ ማሽኑን ሸጬ ገንዘቡን አስረክባለሁ፤ የጎደለውንም ተቀጥሬ ከማገኘው ደመወዝ እሞላለሁ።»

የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር ብዙዎች ጥርጣሬ ያሳድራል ብለው ይተዉታል። እኔ ግን ከሁሉ በላይ አስፈላጊው እርሱ ነው እላለሁ፤ እናቴ ደጋግመው ያነበቡት ያንኑ ነበርና። ሆኖም ያገለገለ ማሽን በአዲሱ ዋጋ ስለማይሸጥ፣ ጉድለቱ ከምን እንደሚሞላ ሳይጽፉ አይለፉት።

ሲጨርሱ ልመናንና «ልጃችሁ አይደለሁም ወይ» የመሰለውን ሁሉ ይሰርዙ። ከዚያም በሁለት ቅጂ ጽፈው ቀን ይጻፉበትና ይፈርሙበት፤ አንዱ ቅጂ አበዳሪው ዘንድ ይቀመጥ።