በኤክሴል NPV ስትሠሩ የዛሬውን ወጪ ከቅንፉ አውጡት

ዛሬ 100,000 ብር አውጥታችሁ በአንደኛውም በሁለተኛውም ዓመት መጨረሻ 60,000 ብር ታገኛላችሁ እንበል። ማነጻጸሪያ ወለዳችሁ 10% ነው። B1 ላይ -100000፣ B2 እና B3 ላይ 60000 አስገብታችሁ `=NPV(10%,B1:B3)` ካላችሁ 3,757 ብር ይመጣል። ልክ አይደለም። ኤክሴል የመጀመሪያውን ቁጥር ከዓመት በኋላ እንደሚከፈል ስለሚቆጥር የዛሬውን ወጪ ጭምር በ1.10 ያካፍለዋል። ትክክለኛው ይኼ ነው፦

```
=B1+NPV(10%,B2:B3)
```

መልሱ 4,132 ብር ነው።

ትክክለኛውን NPV ዜሮ የሚያደርገውን ወለድ የሚፈልገው `=IRR(B1:B3)` ግን B1ን እንደ ዛሬ ይወስዳል፤ 13.07% ገደማ ይሰጣል። በዚህ ውጤት ግን ስህተቱን ለመያዝ አትሞክሩ። በወለዱ ቦታ IRR ሲገባ የተሳሳተውም ቀመር ዜሮ ይሰጣል፤ ዜሮ ለምንም ቢካፈል ያው ዜሮ ነውና። ማጣራት ከፈለጋችሁ በራሳችሁ 10% እያንዳንዱን ዓመት በእጅ አስሉ።