ቪው ለማይበዛበት ቻናል፦ የትኛው ታምኔል እንደሚሻል እንዴት ይለያል?

የሽሮ አሰራር ቪዲዮዬን ታምኔል አንድ ጊዜ ቀየርኩት። ትልልቅ ቢጫ ጽሑፍ ጨመርኩበት። በሳምንቱ ቪው እጥፍ ሆነ። ደስ ብሎኝ የሌሎቹንም ቪዲዮዎች ታምኔል በሙሉ ቢጫ በቢጫ አደረግኳቸው። እነሱ ግን ንቅንቅ አላሉም። ቆይቼ ቀኑን ሳየው ለካ የሽሮውን የቀየርኩት ሁዳዴ በገባ ሰኞ ነው። ሰው ሽሮ የፈለገው ስለጾመ እንጂ ቢጫው ስቦት አልነበረም።

በቀን መቶ ሺህ ጊዜ የሚታይ ቻናል እንዲህ ቢሸወድም ቶሎ ያገግማል። በቀን 200 እና 300 ኢምፕሬሽን ለምናገኝ ግን አንድ ሙከራ ወር ይበላል። ስለዚህ ሙከራው ከመጀመሩ በፊት በደንብ መታሰብ አለበት።

ዩቲዩብ የራሱ መፈተኛ አለው። ከ2024 ጀምሮ ለብዙ ቻናሎች ተከፍቷል። እስከ ሦስት ታምኔል ትሰጡታላችሁ፣ እሱ ተመልካቹን ከፋፍሎ በአንድ ጊዜ ያሳያል። በኋላ ርዕስም መፈተን ተችሏል። በኮምፒውተር ስቱዲዮ ስትገቡ ካገኛችሁት ተጠቀሙበት፤ በእጅ ከመቀያየር ይልቅ እሱ ፍትሃዊ ነው። ችግሩ ሙከራው ቢበዛ ሁለት ሳምንት ነው የሚቆየው። ትንሽ ቻናል ላይ ብዙ ጊዜ ሁለት ሳምንት ጠብቃችሁ «መለየት አልተቻለም» የሚል መልስ ታገኛላችሁ። ከዚህ በታች ያለው ለዚያ ጊዜ፣ ወይም መፈተኛው ላልተከፈተለት ሰው ነው።

አንደኛ፦ ምን ያህል ልዩነት ማየት እንደምትችሉ አስሉ

ኢምፕሬሽን ማለት ታምኔላችሁ ስንት ጊዜ ሰው ዓይን ፊት እንደቀረበ ነው። ከዚያ ውስጥ ስንቱ ተጫነ የሚለው የክሊክ መጠን ነው። አሁን የክሊክ መጠናችሁ 4 በመቶ ነው እንበል። አዲሱ ታምኔል ወደ 5 በመቶ ቢያሳድገው ያንን በእርግጠኝነት ለመለየት ለእያንዳንዱ ታምኔል ወደ 7,000 ኢምፕሬሽን ያስፈልጋል። ወደ 6 በመቶ የሚያሳድግ ከሆነ 2,000 ገደማ ይበቃል። እጥፍ የሚያደርገው ከሆነማ 600ም ያሳያል።

ከዚህ የሚወጣው ነገር ቀላል ነው። ትንሽ ቻናል ትንሽ ልዩነት ማየት አይችልም። የጽሑፍ ቀለም፣ የቀስት አቅጣጫ፣ የፊት ፈገግታ መፈተን የትልልቆቹ ቅንጦት ነው። እናንተ የምትፈትኑት ከሩቅ ሲታይ ጭራሽ የማይመሳሰል ምስል መሆን አለበት።

ሁለተኛ፦ አዲስ ቪዲዮ አትምረጡ

አዲስ ቪዲዮ መጀመሪያ የሚታየው ለሚያውቋችሁ ሰዎች ነው። እነሱ ታምኔሉ ምንም ቢሆን ይጫናሉ። ቀን ሲሄድ ዩቲዩብ ለማያውቋችሁ ያሳየዋል፣ የክሊክ መጠኑም በራሱ ጊዜ ይወርዳል። በዚህ መሃል ታምኔል ብትቀይሩ አዲሱ ሁልጊዜ የባሰ ይመስላል። ሁለት ሦስት ወር የቆየ፣ በየቀኑ ተመሳሳይ ኢምፕሬሽን የሚያገኝ ቪዲዮ ይሻላል። «ሽሮ አሰራር» ብሎ ሰው በየቀኑ የሚፈልገው ዓይነት።

ሦስተኛ፦ ምንም ሳትቀይሩ ፈትኑ

ብዙ ሰው የሚዘለው ይሄንን ነው። እኔ ደግሞ ከሁሉም የምወደው እሱን ነው፤ ምክንያቱም ምንም አያስከፍልም።

ስቱዲዮ ውስጥ ቪዲዮውን ከፍታችሁ Analytics፣ ከዚያ Advanced mode ግቡ። ያለፉትን 28 ቀናት በቀን በቀን አውጡ። Impressions እና Impressions click-through rate የሚሉትን ሁለት ዓምዶች ውሰዱ። ሁለቱን ስታባዙ የየቀኑን ክሊክ ታገኛላችሁ። አሁን አንደኛ፣ ሦስተኛ፣ አምስተኛ እያላችሁ ጎደሎ ቀናቱን አንድ ላይ ደምሩ። ሙሉ ቀናቱን ደግሞ ለብቻ።

በምሳሌ እንየው። በቀን 250 ኢምፕሬሽን የሚያገኝ የሽሮ ቪዲዮ በ28 ቀን 7,000 ያገኛል፤ ለእያንዳንዱ ወገን 3,500 ይደርሳል። በጎደሎ ቀናት 134 ክሊክ፣ በሙሉ ቀናት 151 ክሊክ መጣ እንበል። ታምኔሉ አንድ ነው፣ ርዕሱም አንድ ነው። ያው ምስል ራሱን በ13 በመቶ በለጠ ማለት ነው! ይሄ ቁጥር ብቻውን ስንቱን «ታምኔል ቀይሬ ለውጥ አየሁ» የሚል ወሬ እንደሚያስቀር አስቡት።

ልዩነቱ የአጋጣሚ ነው ወይስ የእውነት የሚለውን በዚህ ትለያላችሁ። A እና B የሁለቱ ወገን ክሊኮች ናቸው።

```
B - A > 2 × √(A + B)
```

134 እና 151 ሲደመሩ 285 ነው። ስኩዌር ሩቱ 17 ገደማ፣ እጥፉ 34። በመሃላቸው ያለው ልዩነት ግን 17 ብቻ ነው። 34 ስላልደረሰ አጋጣሚ ነው፤ መሆን ያለበትም ይሄው ነው። ምንም ሳትቀይሩ ልዩነቱ ከመስመሩ ካለፈ ግን የቪዲዮው ቀናት በጣም ይዘላሉ ማለት ነው። ምናልባት አንድ ቀን ብቻ ዩቲዩብ ገፍቶት ይሆናል። ሌላ ቪዲዮ ፈልጉ።

ይህ ቀመር የሚሠራው የሁለቱ ወገን ኢምፕሬሽን ተቀራራቢ ሲሆን ነው። አንዱ 3,400 ሌላው 3,550 ቢሆን ችግር የለውም። 2,500 እና 4,500 ከሆነ ግን ከቀመሩ በፊት የሆነ ነገር ተፈጥሯል፤ እሱን አጣሩ።

አራተኛ፦ በየቀኑ አቀያይሩ

«ሁለት ሳምንት አሮጌው፣ ሁለት ሳምንት አዲሱ» የሚለው የእኔ የሁዳዴ ስህተት ነው። በመሃል ጾም ይገባል፣ በዓል ይመጣል፣ ኢንተርኔት ይጠፋል። በየቀኑ ከተቀያየረ ግን መጥፎውም ጥሩውም ቀን ለሁለቱም ይደርሳል።

አንድ ወጥመድ አለ። አሮጌውን ታምኔል A፣ አዲሱን B እንበላቸው። ሰኞ በA ከጀመራችሁ ረቡዕ እና አርብም A ላይ ይወድቃሉ። የጾም ምግብ ቪዲዮ ከሆነ ሁለቱንም የጾም ቀን A ወሰደ ማለት ነው። ደግነቱ ሳምንት ሰባት ቀን ስለሆነ በሁለተኛው ሳምንት ተራው ይገለበጥና ረቡዕና አርብ የB ይሆናሉ። ስለዚህ ሙከራው 14 ወይም 28 ቀን ይሁን። በ7 ወይም በ10 ቀን ካቆማችሁት ፍትህ የለም።

የምትቀይሩበት ሰዓትም ቁም ነገር አለው። ስቱዲዮ ቀኑን የሚቆጥረው በካሊፎርኒያ ሰዓት ነው። የእነሱ እኩለ ሌሊት ለእኛ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ነው፤ ከጥቅምት መጨረሻ እስከ የካቲት መጨረሻ ገደማ ደግሞ 5 ሰዓት። ማታ ከመተኛታችሁ በፊት ከቀየራችሁ የአንዱ ቀን ቁጥር የሁለት ታምኔል ድብልቅ ይሆናል። እኔ የስልኬን አላርም ሞልቼ የቡና ሰዓት ላይ እቀይራለሁ። በየቀኑ የትኛው እንደተለጠፈ ደብተር ላይ ጻፉ። ትዝ ይለኛል ማለት አይሠራም፣ በዘጠነኛው ቀን ይጠፋባችኋል።

በእነዚህ 28 ቀናት ርዕሱን፣ መግለጫውን፣ ሌላውን ነገር ሁሉ አትንኩ። ቪዲዮውን ቴሌግራም ላይ መልሳችሁ አታጋሩ።

አምስተኛ፦ ቀኑ ሳይደርስ አትፍረዱ

ያው ምስል ላይ ነጭ ጽሑፍን ከቢጫ ጋር አወዳደርን እንበል። በ6ኛው ቀን ነጩ 27፣ ቢጫው 41 ክሊክ አመጣ። ቢጫው በግማሽ በለጠ! ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያቆምና ስክሪንሾት ይለጥፋል። በ28ኛው ቀን ግን 143 ለ168 ሆነ። ልዩነቱ 25፣ የሚፈለገው 35። አልተለየም።

ቀመሩ ራሱ ከ20 ሙከራ በአንዱ ገደማ ያለ ምክንያት «ልዩነት አለ» ይላል። በየቀኑ እያያችሁ ደስ ባላችሁ ሰዓት ካቆማችሁ ደግሞ ስህተቱ በጣም ይበዛል። የማቆሚያውን ቀን መጀመሪያ ጻፉ፣ ከዚያ በፊት ክሊኩን አትቁጠሩ። ከመጨረሻው ቀን በኋላም ሁለት ቀን ያህል ጠብቁ፤ የኢምፕሬሽን ቁጥር ዘግይቶ ነው የሚሞላው።

ስድስተኛ፦ የተጫነው ሰው ቆየ ወይ?

ቀጥለን ደፋር ሙከራ አደረግን እንበል። A የባለሙያዋ ፊትና ጽሑፍ ነው። B ያለ አንድ ፊደል፣ በሸክላ ድስት ተክ ተክ የሚል ሽሮ ከቅርብ የተነሳ። በ28 ቀን A 140፣ B 203 ክሊክ። ልዩነቱ 63፣ የሚፈለገው 37። አሁን አያጠራጥርም።

ግን Average view duration የሚለውን ዓምድ እዩ። በA ቀናት ሰው በአማካይ 3 ደቂቃ ከ10 ሰከንድ አየ። በB ቀናት 2 ደቂቃ ከ5 ሰከንድ። በክሊኮቹ ስናባዛ A 443 ደቂቃ፣ B 423 ደቂቃ ይሆናል። B 63 ሰው ጨምሮ ያመጣው የዕይታ ጊዜ ከA አልበለጠም። የዩቲዩብ መፈተኛም አሸናፊውን የሚመርጠው በዕይታ ጊዜ ድርሻ እንጂ በክሊክ አይደለም።

ርዕስ ከሆነ

ርዕስ ከታምኔል ይከብዳል። ርዕስ ሲቀየር ሰው ዓይን ላይ ያለው ብቻ ሳይሆን ቪዲዮው ፍለጋ ላይ የሚወጣበት ቦታም ሊቀየር ይችላል፣ ያ ደግሞ በአንድ ቀን አይስተካከልም። ሰው የሚጽፈውን ቃል፣ ለምሳሌ «ሽሮ አሰራር» የሚለውን፣ በሁለቱም ርዕስ መጀመሪያ ላይ ተዉትና የቀረውን ብቻ ቀይሩ። ስትቆጥሩ ደግሞ ከፍለጋ የመጣውን ለይታችሁ፣ Browse features እና Suggested videos የሚሉትን ብቻ ውሰዱ። ቁጥሩ ያንሳል፣ ስለዚህ 28 ቀን ላይበቃ ይችላል፤ 42 ወይም 56 አድርጉት።

ወደ ሽሮው እንመለስ። B ላይ ሰው ለምን ቶሎ ወጣ? ታምኔሉ የሚፈላ ድስት ያሳያል፤ ቪዲዮው ግን የሚጀምረው በአንድ ደቂቃ ተኩል ሰላምታና «ሰብስክራይብ አድርጉ» ነው። ድስቱን ሊያይ የመጣው ሰው ድስቱን አጣው። ስቱዲዮ ውስጥ ባለው ኤዲተር የቪዲዮውን መጀመሪያ መቁረጥ ይቻላል፤ ሊንኩም ቪውም አይጠፋም። ሰላምታው ይቆረጥና፣ በሚቀጥለው ሰኞ ከጠዋቱ 4 ሰዓት A ተለጥፎ ቆጠራው ከአንድ ይጀምራል።