የበር ፍሬም በሚግ ስትበይዱ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሚግ ቀላል ይመስላል። ቁልፉን ትጫናላችሁ፣ ሽቦው ይወጣል፣ ብየዳው ይሄዳል። ችግሩም እዚሁ ላይ ነው፤ ከላይ ሲያዩት ያማረ መስመር ከስሩ ከብረቱ ጋር ሳይዋሃድ ተለጥፎ ብቻ ሊቀር ይችላል። በር ደግሞ ቀኑን ሙሉ ይከፈታል፣ ይዘጋል፣ አንዳንዴም በንዴት ይወረወራል። ክብደቱን የሚሸከሙት ጥቂት ማዕዘኖች ናቸው፣ እነሱ ካልያዙ ሌላው ጌጥ ነው።

ነገሩን ለማየት አንድ በር እንያዝ። ስፋቱ 1.2 ሜትር፣ ቁመቱ 2 ሜትር። ብረቱ 40 በ40 ቱቦላሬ፣ የግድግዳው ውፍረት 2 ሚሊ ሜትር፣ ማዕዘኖቹ በ45 ዲግሪ የተቆረጡ። ሽቦው 0.8 ሚሊ ድፍን ሽቦ፣ ጋዙ 80 በመቶ አርጎንና 20 በመቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የተቀላቀለበት።

ማሽኑን በሩ ላይ መሞከር

ብዙ ሰው ማሽኑን ያበራና የመጀመሪያውን ማዕዘን የሙከራ ሜዳ ያደርገዋል። ከዚያ ተበላሸ ብሎ በግራይንደር ይፈጫል፣ እንደገና ይበይዳል፣ ግድግዳው እየሳሳ ይሄዳል፣ መጨረሻ ላይ ይበሳል። ይልቅ ከዚያው ቱቦላሬ የተረፉ ቁራጮችን ያዙ። ውፍረቱ አንድ ዓይነት መሆን አለበት፤ በወፍራም ብረት ላይ ያስተካከላችሁት ማሽን 2 ሚሊውን ይበሳዋል።

መነሻችሁ 17 ቮልት አካባቢ ይሁን፣ የሽቦው ፍጥነት በደቂቃ ከ4 እስከ 5 ሜትር። ይህ ወደ 80 ወይም 90 አምፔር ይሰጣችኋል። ጋዛችሁ ንጹህ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከሆነ ቮልቱን አንድ ሁለት ከፍ አድርጉት፣ ፍንጣሪውም እንደሚበዛ ጠብቁ። ማሽኑ ቁጥር ብቻ የተጻፈበት ማዞሪያ ካለው የጎኑን ክዳን ክፈቱ፤ ብዙዎቹ ማሽኖች እዚያ ውስጥ በብረት ውፍረትና በሽቦ የተዘጋጀ ሰንጠረዥ አላቸው። ሰንጠረዡ መነሻ ነው እንጂ መድረሻ አይደለም።

ከዚያ ጆሯችሁን ተጠቀሙ። ድምፁ ሳይቆራረጥ እኩል የሚንጣጣ ከሆነ ጥሩ ነው። ሽቦው ብረቱን እየወጋ እጃችሁን ወደ ኋላ የሚገፋ ከሆነ ሽቦው ፈጥኗል ወይም ቮልቱ አንሷል። ጫፉ እየተንጠባጠበ ወደ መዳብ አፉ የሚጠጋ ከሆነ ደግሞ ሽቦው ዘግይቷል። ሁለቱን አንድ ላይ አትንኩ። ቮልቱን ተዉትና ሽቦውን ብቻ በጥቂት በጥቂቱ አስተካክሉ።

አሁን ብዙ ሰው የሚዘለው ነገር። የሙከራውን ቁራጭ በብየዳው መሃል አቋርጣችሁ ቁረጡትና ጎኑን አለስልሱት። ብየዳው ወደ ግድግዳው ውስጥ ገብቷል ወይስ በላዩ ተኝቷል? በመስመሩ ስር ቀጭን ጥቁር ስንጥቅ ከታየ አልተዋሃደም። ሌላውን ቁራጭ በሞርሳ አስራችሁ በመዶሻ ምቱት። ጥሩ ብየዳ ቱቦላሬውን ያጣምመዋል እንጂ አይላቀቅም። ሙሉ በሙሉ ተላጦ ከተነሳ፣ ምንም ያህል ቢያምር፣ ቅንብሩን እንደገና ጀምሩ።

ፕላስና ማይነሱን ሳያዩ መጀመር

በጋዝ የሚሠራ ድፍን ሽቦ ሲሆን ሽጉጡ ፕላስ ላይ፣ የምትበይዱትን ብረት የሚነክሰው መቆንጠጫ ማይነስ ላይ ይገባል። ያለ ጋዝ የሚሠራው ውስጡ ዱቄት ያለው ሽቦ ግን በአብዛኛው ተገላቢጦሹን ይፈልጋል፤ ሽጉጡ ማይነስ ይሆናል። ሁለቱንም ሽቦ የሚጠቀም ማሽን ከሆነ ከእናንተ በፊት የሠራው ሰው ገመዱን ገልብጦ ትቶት ሊሆን ይችላል። ምልክቱ ይህ ነው፦ እሳቱ አይረጋም፣ ፍንጣሪው ይበዛል፣ ብየዳው ጎበጥ ብሎ ከላይ ይቀራል፣ ማዞሪያውን ብታዞሩት ብታዞሩት አይስተካከልም። ሰዓት ሙሉ ቮልት ከመጎርጎር አንድ ጊዜ ክዳኑን ከፍቶ ማየት ይሻላል።

እግረ መንገዳችሁን የሽቦ መግፊያውን ጎማም እዩት። ስርጉዱ ለ0.8 የሚሆን ነው ወይ? የመጫኛው ብሎን ከጠበቀ ሽቦው ይጨፈለቃል፣ ከላላ ይንሸራተታል። ሽጉጡን ከእንጨት ጋር ጠጋ አድርጋችሁ ቁልፉን ተጫኑ፤ ሽቦው ሳይቆም እየተጠቀለለ ከወጣ ይበቃል።

በቆሸሸ ብረት ላይ መበየድ

አዲስ ቱቦላሬ ንጹህ ይመስላል፣ አይደለም። ላዩ ላይ ዘይትና ከፋብሪካ የመጣ ጥቁር ቅርፊት አለበት። ሚግ ድፍን ሽቦ ደግሞ እንደ ኤሌክትሮድ ቆሻሻ የሚያነሳ ሽፋን የለውም። ከመገጣጠሚያው በሁለቱም በኩል 2 ወይም 3 ሳንቲ ሜትር ብረቱ እስኪያንጸባርቅ ፈግፍጉ። መቆንጠጫውም የሚነክሰው ቦታ እንዲሁ ይጽዳ። ቀለም ላይ የነከሰ መቆንጠጫ እሳቱን ያንቀጠቅጠዋል፣ እናንተ ግን ጥፋቱን ማሽኑ ላይ ትፈልጋላችሁ።

ቱቦላሬው ዚንክ የተቀባ ከሆነ ጉዳዩ የጤና ነው። ነጩ ጭስ ከሰዓታት በኋላ ትኩሳትና ብርድ ብርድ የሚል ሕመም ያመጣል፣ ብየዳውንም ቀዳዳ በቀዳዳ ያደርገዋል። ከውጭ ፈጭታችሁ ብታነሱትም ከውስጥ ያለው ዚንክ ይቀራል፤ ስለዚህ አየር በሚዘዋወርበት ቦታ፣ ለብየዳ ጭስ የተሠራ ማስክ አድርጋችሁ ሥሩ። አንድ ነገር ደግሞ እንዳትረሱ፦ ክሎሪን ያለበትን የፍሬን ማጽጃ ብየዳ በሚካሄድበት አካባቢ በጭራሽ አትጠቀሙ። የብየዳው ሙቀትና ጨረር ወደ መርዛማ ጋዝ ይቀይረዋል። ይህ ማጋነን አይደለም፣ ሰው ይገድላል።

ጋዙን በጨመርኩት ቁጥር ይሻላል ማለት

በደቂቃ ከ10 እስከ 12 ሊትር ይበቃል። ከመጠን በላይ ስትከፍቱት ጋዙ ይታመስና የውጭውን አየር ይዞ ይገባል። ውጤቱ ጋዝ ካለመኖሩ ጋር አንድ ነው፤ ብየዳው እንደ እንጀራ ዓይን ይሆናል። እንዲህ ካያችሁ መጀመሪያ ነፋሱን ጠርጥሩ። ቀስ ያለ ነፋስ ወይም ለሙቀት ብላችሁ ያበራችሁት ቬንቲሌተር ጋዙን ይገፈዋል። ቀጥሎ አፉን እዩ፣ ፍንጣሪ ደፍኖት ሊሆን ይችላል።

መብሳትን ፈርቶ ማቀዝቀዝ

ይህ ከሁሉም የከፋው ነው ብዬ አምናለሁ። አንድ ጊዜ የበሳ ሰው ቮልቱን ዝቅ ያደርጋል፣ ሽጉጡን ከብረቱ ያርቃል፣ ከዚያ መስመሩ ላይ ክምር ብረት ያስቀምጥና ረክቶ ይሄዳል። ሽጉጡን ስታርቁት ከመዳቡ አፍ የሚወጣው ሽቦ ይረዝማል፣ አምፔሩ ይወርዳል፣ ብረቱ አይቀልጥም። ሽቦው 10 ሚሊ ያህል ይውጣ። እሳቱም ሁልጊዜ በቀለጠው ብረት የፊት ጠርዝ ላይ ይሁን። የቀለጠው ከቀደማችሁ የምትበይዱት የራሳችሁን ብየዳ ነው እንጂ ቱቦላሬውን አይደለም። በተለይ ከላይ ወደ ታች ስትወርዱ ይህ ይከሰታል። ለ2 ሚሊ ብረት ወደ ታች መበየድ አይከፋም፣ ግን ከሚፈሰው ቀድሞ መሄድ ይፈልጋል፣ ለዚያ ደግሞ እጅ መፍጠን አለበት።

አብዛኛው መብሳት ግን ከቮልት አይመጣም፣ ከክፍተት ነው። 45 ዲግሪው በትክክል ካልተቆረጠ አንዱ ጫፍ ይገጥማል፣ ሌላው 3 ሚሊ ይከፈታል። ያንን በሽቦ እሞላዋለሁ ብሎ ማሰብ ጣጣ ነው። እስከ 1 ሚሊ ድረስ ክፍተት ጥሩ ነው፣ እንዲያውም ብየዳው ወደ ውስጥ እንዲገባ ይረዳል። ከዚያ ካለፈ እንደገና ቁረጡ።

አንዱን ማዕዘን ጨርሶ ወደ ሌላው መሄድ

ብየዳ ሲቀዘቅዝ ይሰበሰባል፣ ሲሰበሰብ ፍሬሙን ይዞ ይሄዳል። አንዱን ማዕዘን ዙሪያውን ከጨረሳችሁት የቀረው ሦስቱ ከዚያ በኋላ አይታዘዛችሁም።

መጀመሪያ ጠፍጣፋ ነገር ላይ አስተኝታችሁ አራቱንም ማዕዘን በትናንሽ ነጥብ ብየዳ ያዙ። ከዚያ ሰያፉን ለኩ። ለኛ በር ከውጭ ጥግ እስከ ውጭ ጥግ 2 ሜትር ከ33 ሳንቲ ሜትር ገደማ መምጣት አለበት። ቁጥሩ ራሱ ግን ያን ያህል አያስጨንቅም፤ ዋናው ሁለቱ ሰያፎች እኩል መሆናቸው ነው። አንዱ 6 ሚሊ ቢበልጥ ረጅሙን በሰያፍ አቅጣጫ ግፉት፤ 3 ሚሊ ሲያጥር ሌላው 3 ሚሊ ይረዝምና ይገናኛሉ። ነጥቦቹ ትንሽ ስለሆኑ ይለቋችኋል፣ ካልለቀቁ አንዱን ፈጭታችሁ እንደገና ያዙ። ስኳድራ ብቻ ማመን እዚህ ላይ አያዋጣም፤ 2 ሜትር ቁመት ላይ የስኳድራው ትንሽ ስህተት ትልቅ ይሆናል።

ሰያፉ ከተስማማ አንድ ማዕዘን ላይ አንድ ፊት በይዱ፣ ከዚያ በሰያፍ ወደ ተቃራኒው ማዕዘን ሂዱ። አንዱ ገጽ ሲያልቅ ገልብጡት። የውስጥ ጥጉን መጨረሻ ላይ ሥሩት፣ ምክንያቱም ማዕዘኑን ወደ ውስጥ የሚጎትተው እሱ ነው። በየመካከሉ ሰያፉን እንደገና ለኩ። አራቱም ጥግ መሬቱን መንካቱንም እዩ፤ ሰያፉ እኩል ሆኖ በሩ እንደ ፕሮፔለር የተጠማዘዘ ሊሆን ይችላል።

ውጩን ለስላሳ ለማድረግ ብየዳውን ፈጭቶ መጨረስ

ሲቀባ እንዲያምር ሁሉም የውጩን ፊት ይፈጫል። ችግር የለውም፣ ብየዳው ውስጥ ድረስ ከገባ። ላዩ ላይ ብቻ ከተኛ ግን ስትፈጩት ያነሳችሁት ብየዳውን ራሱን ነው፣ የቀረው መስመርና ቀለም ነው። የሙከራ ቁራጩን ቁረጡ ያልኩት ለዚህም ነው። ለመፍጨት ባለ ቅጠል ዲስክ ተጠቀሙ፤ ድንጋዩ 2 ሚሊውን ሳታስቡት ይበላዋል። ማጠፊያዎቹ የሚበየዱበትን ቦታ ደግሞ ጨርሶ አትፍጩ፣ ጎበጥ ብሎ ይቅር።

ዙሪያውን የተዘጋ ቱቦላሬ የመጨረሻዋን ሳንቲ ሜትር ስትበይዱ ውስጡ የሞቀው አየር የቀለጠውን ብረት እየነፋ ያወጣዋል፣ እዚያች ቦታ ላይ የምትመለስ ቀዳዳ ትኖራለች። ከታች በኩል ባለው ቱቦላሬ ሥር 5 ሚሊ የምትሆን ቀዳዳ አስቀድማችሁ ብሱ። አየሩ በእሷ ይወጣል፣ በኋላ የሚገባው ውሃም በእሷ ይፈሳል።