አራት ቀን ለማሳጠር የትኛውን ሥራ እናፋጥን?

አንድ ሱቅ በ30 ቀን ሊገነባ ታቅዷል እንበል፤ ተከራዩ ግን በ26ኛው ቀን መረከብ ይፈልጋል። ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ ሁሉንም ሠራተኛ ማጣደፍ ይጀምራል፤ ገንዘቡም የሚባክነው እዚያ ላይ ነው።

መጀመሪያ ከእያንዳንዱ ሥራ ላይ አንድ ቀን መቀነስ ስንት እንደሚያስወጣ አስሉ። የብሎኬት ግድግዳው በመደበኛው አካሄድ 12 ቀንና 120,000 ብር ይፈጃል፤ ግንበኛ ሲጨመርበት 9 ቀንና 132,000 ብር። ልዩነቱ 12,000 ብር ለ3 ቀን ሲካፈል በቀን 4,000 ብር ይሆናል። የወጪ ተዳፋት የሚባለው ይህ ነው። የሁሉም ሲሰላ፦

- መሠረት፦ 10 ቀን፣ እስከ 2 ቀን ያጥራል፣ በቀን 6,000 ብር
- ግድግዳ፦ 12 ቀን፣ እስከ 3 ቀን፣ በቀን 4,000 ብር
- በርና መስኮት፦ 10 ቀን፣ እስከ 3 ቀን፣ በቀን 1,500 ብር
- ጣሪያ፣ ገጠማና ልስን፦ 8 ቀን፣ እስከ 2 ቀን፣ በቀን 7,000 ብር

ቀጥሎ የሥራዎቹን ቅደም ተከተል ሣሉ። መሠረቱ ሲያልቅ ግንበኛው ግድግዳ ይሠራል፤ ብረት ሠራተኛው ደግሞ ልኬት ወስዶ በርና መስኮቱን በወርክሾፑ ይበይዳል። የመጨረሻው ሥራ ሁለቱንም ይጠብቃል። በግድግዳው በኩል 30 ቀን፣ በበርና መስኮቱ በኩል 28 ቀን ይወስዳል። ረጅሙ ወሳኙ መስመር ነው፤ ግንባታውን የሚያሳጥረውም እሱን ማሳጠር ብቻ ነው።

እንግዲህ ወጥመዱ እዚህ ነው። በርና መስኮቱ ከሁሉም ርካሽ ስለሆነ እጅ ወደ እሱ ይሄዳል። 4,500 ብር ከፍላችሁ ሦስት ቀን ብታሳጥሩት ግን የተሠራው በር ግድግዳውን እየጠበቀ ወርክሾፕ ውስጥ ይቆማል እንጂ ሱቁ አንድ ቀን እንኳ አይቀድምም።

ስለዚህ ከወሳኙ መስመር ርካሹን፣ ግድግዳውን፣ ሁለት ቀን እናሳጥራለን፤ 8,000 ብር ወጣ፣ 28 ቀን ቀረ። አሁን ሁለቱም መስመሮች እኩል ስለሆኑ ግድግዳውን ብቻ መቀነስ ከእንግዲህ ዋጋ የለውም። ምርጫው መሠረቱ በ6,000፣ ማጠናቀቂያው በ7,000፣ ወይም ግድግዳውና በሩ አንድ ላይ በ5,500 ብር ነው። ጥንዱን እንመርጣለን፤ 27 ቀን። ግድግዳው ወሰኑ ላይ ስለደረሰ አራተኛው ቀን ከመሠረቱ በ6,000 ብር ይገኛል። ድምሩ 19,500 ብር።

ከእያንዳንዱ እርምጃ በኋላ መስመሮቹን እንደገና መደመር የግድ ነው። ወጪውንም ቀን በቀን መዝኑ። ጥበቃ፣ የመወጣጫ ኪራይና የሚቀረው የሱቅ ኪራይ በቀን 5,000 ብር ከሆነ፣ አራቱ ቀናት 20,000 ብር አድነው 500 ብር ያተርፋሉ። በሁለት ቀን ብትቆሙ ግን ትርፉ 2,000 ብር ነበር። ሦስተኛውና አራተኛው ቀን የሚገቡት በተከራዩ ቀጠሮ ምክንያት ብቻ ነው።

ስሌቱ እያንዳንዱ ቀን እኩል ዋጋ አለው ብሎ እንደሚነሣ አትርሱ። የተጨመሩት ግንበኞች ሁለት ቀን ብቻ ሠርተውም 12,000ውን ሙሉ የሚጠይቁ ከሆነ፣ በቀን 4,000 ብር የሚባለው ዋጋ ወረቀት ላይ ብቻ የቀረ ነው፤ ውላቸውን አስቀድማችሁ ጠይቁ። የኮንክሪት መድረቂያ ቀናትን ደግሞ ሠራተኛ በመጨመር ማሳጠር ስለማይቻል፣ በመሠረቱ ወሰን ውስጥ አትቁጠሯቸው።